ሦስት ጣት የመረብ ዓይን

በወጣትነትሽ ሥራሽ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው «ዓሣ እለካ ነበር» ስለው ይስቃል። አልፈርድበትም። ዓሣ ይጠበሳል፣ ይሸጣል፣ በፆም ይበላል አይበላም ተብሎ ከጎረቤት ጋር ይከራከሩበታል እንጂ እንደ አቡጀዲ በሜትር ይለካል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ እናቴን በጥያቄ ሳሰለች የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ጊዜያዊ ሠራተኛ ፈለገ። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር ማስታወቂያውን ቀድሞ አየው። እናቴ ደስ አላላትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር መጎርጎሬን አይታ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የምትለኝ ሴት፣ አሁን ልጇ በእውነት ዓሣ ልትጎረጉር መሆኑን ስትሰማ ምን ትበል? «በይ ሂጂ፤ ዘንዶውን ግን ቤቴ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ» አለችኝ።

ሥራዬ አሞራ ገደል ነበር፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዳርቻ። አጥማጆቹ ማታ መረባቸውን ሐይቁ ላይ ዘርግተው ያድራሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ያነሣሉ። እኔ በማለዳ በአንድ ጫፉ ትንሽ ግድግዳ ያለው የመለኪያ ሰሌዳ ይዤ እቆማለሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አጠገቤ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ እነሱ አንጀት ሲጣል ሊለቅሙ፣ እኔ ልለካ። ዓሣውን አፍንጫውን ከግድግዳው አስጠግቼ አጋድመዋለሁ፣ ጭራው የደረሰበትን ቁጥር አነባለሁ፣ ከየትኛው ጀልባ እንደመጣ ጽፌ ወደሚቀጥለው። ከሁሉ የሚበዛው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ሴቶቹ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው ሥጋውን ከአጥንት ሲለዩ «አንቺ ልጅ፣ ልብስ ልትሰፊለት ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም «ለሠርጉ ነው» እላቸዋለሁ።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የጎማ ቦቲ ከእግሩ የማይለይ ሰው። ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ፊቱ ይበራል፤ እኔና እሱ በዚህ ተገናኘን። መጀመሪያ ቀን የጠየቅሁት ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ነው፦ ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሳታየው እንዴት አለቀ ወይም አላለቀ ትላለህ?

«አልቆጥረውም» አለኝ። «ምልክቱን ነው የማየው። አንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ዓሣ ያዘ? ያው መረብ በያው ቦታ ዘንድሮ የያዘው ካቻምና ከያዘው እያነሰ ከመጣ ሐይቁ እየሳሳ ነው። ያ አንድ። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። በኃይል የሚጠመድበት ሐይቅ ውስጥ ዓሣው ሳያረጅ ይያዛል፣ ስለዚህ ትልልቁ እየጠፋ ይመጣል። ሦስተኛው ሆዱ ነው።»

ሆዱን ቀዶ አሳየኝ። ከስንዝር በለጥ ባለችው ሴት ዓሣ ውስጥ እንቁላሉ ቢጫ ሆኖ ሞልቷል። ከስንዝር በምታንሰዋ ውስጥ ግን እንደ ቀጭን ክር ያለ ነገር ብቻ ነው ያለው። «ይቺ ገና አልወለደችም» አለ። «አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወልድ የተያዘች ዓሣ ተተኪ አልተወችም። ብዙዎቹ እንዲህ ከተያዙ ሰዉ ዛሬ ይበላና ነገ ይራባል።»

ሌላም ቀን አንዲት ቆሮሶ ሰሌዳዬ ላይ ሳጋድማት አፏን ከፈተችና ስንዴ የሚያካክል ብዙ ጫጩት አፈሰሰችብኝ። ክው አልኩ። ለካ እናትየዋ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፣ ይዛ እያለችም ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹን በእጄ አፍሼ ሐይቁ ውስጥ ጨመርኳቸው። አጥማጆቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓሣ ስለካ ዝም ብዬ አልለካም፣ ለእያንዳንዷ አዝናለሁ።

ከአጥማጆቹ ሁሉ ቀድመው ወደ ዳርቻ የሚመጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ለስለስ ያለ፣ ቀስ እያሉ ቃል የሚመርጡ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «የኔ ልጅ» ይሉኛል። መረባቸውን የሚሠሩት በእጃቸው ነው። ያኔ ናይለን መረብ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ክሩን እየመዘዙ፣ እየፈተሉ ነው የሚያስሩት። አባባ ከማኅበሩ ሁሉ ጥሩ መረብ የሚያስር ሰው ናቸው ይባል ነበር። ማኅበር ስል የአጥማጆች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለቴ ነው። ጀልባውም፣ የማጥመድ ፈቃዱም የማኅበሩ ነው። ከማኅበሩ የወጣ ሰው ሐይቁን ቆሞ ያየዋል እንጂ አይገባበትም።

ክረምቱ እንዳለፈ ባለሙያው ቁጥሮቼን ይዞ ግንባሩን መቋጠር ጀመረ። የዓሣው አማካይ ርዝመት ወርዷል። «ሐይቁ እየተጎዳ ነው እንዴ?» አለ ለራሱ። እንደዚያ ከሆነ ማጥመድ በከፊል እንዲዘጋ ሊጽፍ ነው፣ ያ ማለት ደግሞ የስንቱ ቤት እሳት ይጠፋል። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ሴቶቹ የሚያወጡት ትልልቅ ቁራጭ ሥጋ አልቀነሰም፣ በዓይኔ እያየሁት!

«በጀልባ በጀልባ ለይተን እንየው» አልኩት።

ባለካሬ ወረቀት አመጣና ለእያንዳንዱ ዓሣ በርዝመቱ ላይ አንድ ምልክት እየደረብን ስንሄድ ለእያንዳንዱ ጀልባ ኮረብታ ወጣለት። የሁሉም ጀልባ አንድ ኮረብታ ነው፣ ከስንዝር በለጥ ያለው ላይ የቆመ። የአባባ ብቻ ሁለት ሆነ። አንዱ እንደ ሰው ሁሉ፣ ሌላው ከስንዝር በታች። የከተማችን ተራሮች ታቦርና አላሙራ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስል ነበር።

ባለሙያው ፈገግ አለ። «ይኼ የሐይቁ መልክ አይደለም፣ የመረቡ ነው» አለና አስረዳኝ። መረቡ ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ነው የሚቆመው። ትንሹ ዓሣ በዓይኑ ሾልኮ ያልፋል። በጣም ትልቁ አፍንጫውን ነክቶ ይመለሳል። መሐል ላይ ያለው ጭንቅላቱን ያስገባና ሆዱ አላልፍ ይለዋል፣ ወደኋላ ሲል ክሩ መተንፈሻው፣ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የዓይን ስፋት የራሱን ልክ ዓሣ ይመርጣል። ዓይኑ በጠበበ ቁጥር የሚይዘው ዓሣም በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለት ኮረብታ ከታየ ሁለት ዓይን አለ ማለት ነው።

«አባባ ጠባብ ዓይን መረብ አላቸው?»

«እሱን አንቺ ለኪ። እኔ ሐይቁን ልጠይቅ» አለኝ።

ሐይቁን የጠየቀበት መንገድ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ለሙከራ የተሠራ አንድ ረጅም መረብ አለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በየክፍሉ ዓይኑ የተለያየ፤ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ። አምና በዚሁ ወቅት የተጣለበት ቦታ ላይ እንደገና ጣለው። ሰፊው ክፍል ትልልቅ ዓሣ ካጣ ሐይቁ በእውነት ተራቁቷል። ካላጣ ግን ትልልቁ ዓሣ ውሃው ውስጥ አለ፣ አነስ ያለ ዓሣ ያበዛብን የሰው መረብ ነው። ጠዋት ስናነሣው ሰፊው ክፍል ከአምናው ያላነሰ ይዞ ወጣ። በጣም ደስ አለን፤ ሐይቁ ደህና ነው።

አባባ ግን ደህና አልሆኑም። መረባቸው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለካው የአዲሶቹ መረቦቻቸው ዓይን ከአሮጌዎቹ በግልጽ ይጠብባል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው መረቡን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና «ተይው የኔ ልጅ» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የማኅበሩ ሊቀመንበር የሽማግሌውን ቅርጫት አይቶ ኖሮ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈትቶታል። ወቅቱ ሰው በነገር የሚፈለግበት ነው። «አውቆ ነው ያጠበበው፤ ለራሱ ብዙ ሊያፍስ የሁላችንንም ዘር ሊያጠፋ። ይኼ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው» ብሎ ለእሑድ ስብሰባ ጠራ። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ የዋዛ ቃል አይደለም። ቢቀል ከማኅበር መባረር ነው፣ ቢከብድ ደግሞ ቀበሌ ይወስደዋል። እኔ ዓሣ ለካሁ ብዬ ሰው ላሳስር ነው እንዴ? እንቅልፍ አጣሁ፣ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩም። በሊቀመንበሩም፣ ዝም ባሉት ሽማግሌም።

ቅዳሜ ከሰዓት በታቦር ሥር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። አጥሩ ሥር ልጃቸው ተቀምጣ መረብ ታስራለች። የእኔ እኩያ ናት፣ ዳርቻ ላይ ዓሣ ስታጸዳ እናወራለን፤ መረብ እንደምታስር ግን የነገረኝ የለም። ስታየኝ ደንገጥ አለች፣ መረቡን ልትሸሽግ ብላ ተወችው። እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና እጇን ማየት ጀመርኩ። ክሩን በግራ እጇ ሦስት ጣቶች ላይ ትጠመጥማለች፣ ከላይ ትቋጥራለች፣ ጣቷን ታወጣለች፤ እንደገና ትጠመጥማለች፣ ትቋጥራለች።

«ለምን በጣትሽ?» አልኳት።

«አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ሦስት ጣት አንድ ዓይን። አባቱም እንዲህ ነው ያስተማረው።»

ወይ ጉድ! የራሴን ሦስት ጣት ከእሷ ጎን አስቀመጥኩ። እኩል ናቸው። ከዚያ የአባቷን እጅ አሰብኩ፣ ያን ዕድሜውን ሁሉ መቅዘፊያ የያዘ ሰፊ መዳፍ። ልኩ አልተለወጠም፣ እጁ ነው የተለወጠው። እሷ ከአባቷ የተማረችውን አንዲት ሳታጎድል ነው የሠራችው፣ መረቡ ግን ጠበበ። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በአንድ በኩል የጠበበችው ትንሽ ናት፤ ዓይኑ ተለጥጦ ሲለካ ግን ሁለቱ ጎን ተደምሮ እጥፍ ይሆናል፣ ገና ያልወለደችውን ዓሣ ለመያዝም ይበቃል።

«አባባ ለምን አይሠሩም ታዲያ?»

መልሱን ከበሩ የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። ወጥተው ቆመው ሰምተውን ኖሯል። እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጦ እንደ ዝንጅብል ሆኗል። «ክር አይዝም» አሉ። «መቅዘፊያ ይይዛል፣ ክር ግን አይዝም።»

«ይኼን ለምን አይነግሯቸውም?»

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። «ማኅበሩ እጁ የማይሠራ ሰው ጀልባ ላይ አያወጣም። ለሌላ ጎበዝ ይሰጠዋል። ጀልባ ከሌለኝ እኔና እሷ ምን እንበላለን? ሰዉ ደግሞ ‹መረቡን ያጠበበችው እሷ ናት› ብሎ ልጄን ቢይዛትስ? እኔን ይበሉኝ።»

ልጃቸው መረቡን ጭኗ ላይ ጥላ አለቀሰች። አላወቀችም ነበር። አባቷ ያነሰውን ዓሣ አይተው ምክንያቱን የተረዱት ከሁላችንም ቀድመው ነው፣ ሊነግሯት ግን አልቻሉም፤ ከነገሯት መረብ ማሰሩን ትተወዋለች፣ ካቆመች ደግሞ መረብ የለም።

ለባለሙያው ያንኑ ማታ ነገርኩት። ወረቀቱን አውጥቶ ሁለቱን ኮረብታ እንደገና አየና «የአባትና የልጅ እጅ ነዋ» አለ። ወረቀቱን አጥፎ «ኮረብታውን ለስብሰባው ባሳይ ማንም አይገባውም፤ እሳቸው እጃቸውን ቢያሳዩ ነው የሚሻለው» አለኝ። እሑድ ማለዳ ስብሰባው ሳይጀመር ዳርቻው ላይ አግኝቼ ለመንኳቸው። «አባባ፣ ካልተናገሩ አሻጥረኛ ይባላሉ፤ ከተናገሩ አርጅተዋል ይባላሉ። ማርጀት ወንጀል አይደለም።» አዩኝና ጋቢያቸውን እጃቸው ላይ ደርበው ወደ ስብሰባው ሄዱ።

ስብሰባው ዳርቻው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ መፈክሩን አሰምቶ፣ ስለ አሻጥረኞች ተናግሮ፣ ጠባቡን መረብ መሐል ላይ አስጣለው። «ጓድ፣ ይኼ ያንተ ነው አይደለም?»

«የኔ ነው» አሉ አባባ።

«አውቀህ ነው ያጠበብከው?»

አባባ ተነሡና አሮጌውን መረባቸውንም አምጥተው ከአዲሱ ጎን አነጠፉት። ጋቢያቸውን ገለጡ። በሰው ሁሉ ፊት ሦስት ያበጡ ጣታቸውን በአሮጌው መረብ አንድ ጎን ላይ አሳረፉ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ። ቋጠሮዎቹ ከጣታቸው ሥር ተሸፈኑ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። እሷም መጥታ ተንበርክካ ሦስት ጣቷን በአዲሱ መረብ ላይ አሳረፈች። ልክ ሆነ።

«ይኼ የኔ እጅ፣ ይኼ የሷ» አሉ። «የኔ ከእንግዲህ ክር አይዝም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

አንድ ሌላ አጥማጅ ጠጋ ብሎ አየና «አባቴ፣ የእርስዎ ጣት ከአሮጌው መረብ ይበልጣልሳ» አላቸው።

«አብጦ ነው» አሉ።

ከዚያ ባለሙያው ተነሣ። ስለ ሙከራው መረብ ተናገረ፤ ትልልቁ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ እንዳለ፣ ሐይቁ ገና እንዳልተራቆተ፣ ጠባቡ መረብ ግን ያልወለዱትን ስለሚይዝ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ መንገድ ቢያስር ነገ ባዶ ሐይቅ እንደሚቀር። አንዲት ያልወለደችና አንዲት የወለደች ዓሣ ሆዳቸውን ቀዶ በቅርጫት አዞረ። ሰዎቹ እየተቀባበሉ አዩ። ከዚያ አንድ ሰው የራሱን ጣት ከጓደኛው ጣት ጋር ለካ፣ ሌላውም፤ ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ጣት ለጣት መለካካት ጀመረ። ለካ አንዱም ከአንዱ እኩል አይደለም። ሊቀመንበሩም ሳይታወቀው የራሱን ሲያይ ያዝኩት፣ ጣቱ ቀጭን ነበር። አሻጥር የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ አላነሣውም።

ጠባቦቹ መረቦች ተፈቱ፣ ክራቸው ለሌላ ሊሠራበት። የአባባ የጀልባ ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ደግሞ ጣታቸው ይበልጣል ያላቸው ያው አጥማጅ «መቅዘፍ ይችላሉ፣ ውሃውን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ፤ መረቡን ልጃቸው ታስር፣ ግን በእንጨት» አለ። በእንጨት ማለቱ ክሩ በጣት ሳይሆን በልክ በተቆረጠ እንጨት ላይ ይጠምጠም ማለቱ ነው። ባለሙያው ስፋቱን በሴንቲሜትር ሊነግራቸው ወረቀት ሲፈልግ ሰዎቹ አልጠበቁትም። አንዱ ጠፍጣፋ እንጨት አመጣ፣ አባባ ሦስት ጣታቸውን አሳረፉበት፣ በቢላዋ ምልክት ተደረገበትና ተቆረጠ። ለየቤቱም በሱ ልክ ሌላ ተቆረጠ።

ችግሩ የመጣው አዲሶቹ መረቦች ተሠርተው ሲያልቁ ነው። የሚያዘው ዓሣ ቁጥሩ አነሰ፣ አጥማጁ አጉረመረመ። ሰሌዳዬ ላይ የሚወጣው አዲሱ ኮረብታ ግን ከድሮው ወደ ትልቁ ገፋ ብሎ ቆመ። ገረመኝና እንጨቱን ለካሁት። ከአባባ አሮጌ መረብም ይሰፋል። ባለሙያውን ባየሁት ጊዜ እሱም ለክቶት ኖሮ ይስቃል። የተቆረጠው በጤነኛ ጣታቸው ልክ አልነበረም፣ ባበጠው ነበር። «እናስተካክለው?» አልኩት። «ተይው። ዓሣዋ አንድ ጊዜ ትውለድበት» አለኝ። የሚቀጥለው ዓመት ጉርምርምታው ቀነሰ፤ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባው ቁጥሩ ቢያንስም ወፈር ወፈር ያለ ነበር።

አባባ ሲያርፉ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ልጃቸው ጥቁር ለብሳ፣ አጥሩ ሥር፣ ያን እንጨት በግራ እጇ ይዛ አገኘኋት። ከእጅ ብዛት ጠርዙ ለስልሷል። አልቅሰን ስንጨርስ በመዳፌ አስቀመጠችልኝና «ያዢው፣ የሱ እጅ ነው» አለችኝ። ሦስት ጣቴን አሳረፍኩበት፣ ቦታ ተረፈኝ።